መብራት ከመጣ እስከ ፍሪጁ መነሳት፦ ሦስት ደቂቃ የሚሰፍረው ካፓሲተር

መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጁ ወዲያው ባይነሳ ይሻላል። ኮምፕረሰሩ ሲሠራ ጋዙን በአንድ በኩል እየሳበ በሌላው በኩል ያምቀዋል። መብራት በድንገት ሲሄድ በሁለቱ በኩል ያለው ግፊት እኩል እስኪሆን ጥቂት ደቂቃዎች ያስፈልጉታል። ከዚያ በፊት ኮረንቲ ካገኘ ሞተሩ የታመቀውን ጋዝ ገፍቶ መዞር ያቅተዋል። ቆሞ ያጉረመርማል፤ ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል፤ ይግላል። በጎኑ ያለው መከላከያ ቶሎ ከቆረጠው ይተርፋል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር ግን ጥቅልሉ ወደ መቃጠል ይጠጋል።

በሶኬቱና በፍሪጁ መካከል የምትሰካው ትንሽ ሣጥን መብራት እንደመጣ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ የምታስጠብቀን ለዚህ ነው። ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ በውስጣቸው ሰከንድ የሚቆጥር ቺፕ አለ። ቀላሎቹ ግን የሚቆጥሩት ነገር የላቸውም። ጊዜውን የሚሰፍሩላቸው አንድ ሬዚስተርና አንድ ካፓሲተር ናቸው። ሁለቱም ሰዓት አያውቁም፤ ሆኖም በተገናኙ ጊዜ ካፓሲተሩ የሚሞላበት ፍጥነት በስሌት የሚታወቅ ስለሆነ ያንን እንደ ሰዓት መጠቀም ይቻላል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሣጥኗን የሚያሳስታት አብዛኛውን ጊዜ ስሌቱ ሳይሆን ስሌቱ ውስጥ ያልገባው ነገር ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

ቁጥሮቹን ጨብጠን እንሂድ። 12 ቮልት የሚሰጥ ምንጭ አለን እንበል። ከምንጩ አዎንታዊ ጫፍ የተነሳው ሽቦ በ330 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል አልፎ 470 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ላይ ይደርሳል፤ የካፓሲተሩ ሌላኛው እግር ከአሉታዊው ጋር ታስሯል። ካፓሲተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ኮምፓራተር የሚባል አነጻጻሪ ቺፕ ይከታተላል። ቮልቴጁ 8 ቮልት ሲደርስ ቺፑ ሪሌዩን ይዘጋውና ፍሪጁ ኮረንቲ ያገኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ ከባዶ ተነስቶ 8 ቮልት ለመድረስ ካፓሲተሩ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል?

መጀመሪያ ካፓሲተሩ ባዶ ነው፤ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ምንም ቮልቴጅ የለም። ስለዚህ የምንጩ 12 ቮልት በሙሉ የሚያርፈው ሬዚስተሩ ላይ ነው። በኦም ሕግ መሠረት 12 ቮልትን ለ330 ሺህ ኦም ብናካፍል 36 ማይክሮአምፔር ገደማ እናገኛለን፤ ካፓሲተሩ መሞላት የሚጀምረው በዚህች ጭላጭ ኮረንቲ ነው። ሲሞላ ግን የራሱ ቮልቴጅ ይወጣና ከምንጩ ጋር ይገፋፋል። ካፓሲተሩ 6 ቮልት ሲደርስ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው 6 ቮልት ብቻ ነው፤ ኮረንቲውም ወደ 18 ማይክሮአምፔር ይወርዳል። 9 ቮልት ላይ ሲደርስ 9 ማይክሮአምፔር ብቻ ይቀራል። በሞላ መጠን አሞላሉ ይዘገያል ማለት ነው። ዘወትር ሙሉ የሆነ ትልቅ ሮቶ ከጎኑ ካለ ባዶ ሮቶ ጋር ከሥር በቀጭን ቱቦ ቢገናኝ የሚታየው ይኸው ነው፤ ውኃው መጀመሪያ ይሮጣል፣ የሁለቱ ከፍታ በተቀራረበ ቁጥር ግን ወደ መንጠባጠብ ይጠጋል።

አሁን አንድ የማይሆን ነገር እንገምት። ኮረንቲው ሳይቀንስ በመጀመሪያው ፍጥነት፣ በ36.36 ማይክሮአምፔር፣ ቢቀጥል ኖሮ ካፓሲተሩ መቼ ይሞላ ነበር? 470 ማይክሮፋራድ እስከ 12 ቮልት ለመሙላት 470 ሲባዛ በ12፣ ማለትም 5640 ማይክሮኩሎምብ ቻርጅ ይፈልጋል። አንድ አምፔር ማለት በሰከንድ አንድ ኩሎምብ ስለሆነ 5640ን ለ36.36 ስናካፍል 155 ሰከንድ ይመጣል። ይህ ቁጥር የጊዜ ቋሚ ይባላል፤ ታው በሚባለው የግሪክ ፊደል፣ በτ፣ ይጻፋል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ ጊዜ ስናባዛ አንድ ጊዜ ስናካፍል 12 ቮልቱ እንደተሰረዘ ልብ ይሏል። የቀረው ሬዚስተሩ ሲባዛ በካፓሲተሩ ብቻ ነው፦

τ = R × C

ኦም በፋራድ ሲባዛ ሰከንድ ይሰጣል። ጥገና ቤት ውስጥ ግን ማንም በሙሉ ፋራድ አያስብም፤ ስለዚህ ሬዚስተሩን በሜጋ ኦም፣ ካፓሲተሩን በማይክሮፋራድ ይዞ ማባዛት ይቀላል። ውጤቱ በቀጥታ ሰከንድ ነው። 0.33 ሲባዛ በ470 ያው 155.1 ሰከንድ ነው። ሬዚስተሩ በኪሎ ኦም ከተያዘ ደግሞ ውጤቱ ሚሊሰከንድ ይሆናል። ብዙ ሰው ዜሮ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነውና አንዱን መንገድ መርጦ መልመድ ይበጃል።

ኮረንቲው እየቀነሰ ስለሚሄድ በ155 ሰከንድ ካፓሲተሩ አይሞላም። የሚደርሰው 63.2 በመቶ ላይ ነው፤ በእኛው 7.58 ቮልት። ይህን ቁጥር መሐንዲሶች ተስማምተው አልመረጡትም። የአንድ ነገር ለውጥ ከቀረው መጠን ጋር ተመጣጣኝ በሆነበት ሁሉ 2.718 የሚባለው ቁጥር፣ በሒሳብ ኢ ተብሎ የሚጠራው፣ ራሱ ይመጣል። አንድ የጊዜ ቋሚ ሲያልፍ ያልተሞላው ክፍል ለ2.718 ይካፈላል፤ ይኸውም 36.8 በመቶ ይቀራል ማለት ነው። ሁለተኛው የጊዜ ቋሚ ሲያልፍ ይኸው የቀረው እንደገና ለ2.718 ይካፈልና 13.5 በመቶ ይሆናል። ሦስተኛው ሲያልፍ 5 በመቶ፣ አምስተኛው ሲያልፍ ከ1 በመቶ በታች ይቀራል። በሒሳቡ መሠረት ካፓሲተሩ መቼም ጨርሶ አይሞላም፤ በሥራ ላይ ግን ከአምስት የጊዜ ቋሚ በኋላ ሞልቷል ይባላል። በእኛ ሣጥን ይህ ወደ 13 ደቂቃ ይጠጋል።

እንግዲህ ጉዳዩን በቀረው በኩል ማየት ከለመድን ቀመሩ ራሱን ይገልጣል። የቀረው ክፍል ኢ በአሉታዊ t/τ ከፍ ሲል የሚገኘው ነው፤ የተሞላው ደግሞ ከአንድ ላይ ያንን ቀንሶ የሚተርፈው፦

V = Vs × (1 − e^(−t/RC))

Vs የምንጩ ቮልቴጅ ነው፣ t ያለፈው ሰከንድ ነው። መብራት ከመጣ አንድ ደቂቃ ሲሆነው ካፓሲተሩ ስንት ቮልት ላይ እንዳለ እንፈልግ። 60ን ለ155.1 ስናካፍል 0.387 ይሆናል። በስልክ ካልኩሌተር (ስልኩን ወደ ጎን ሲያዞሩት e^x የሚል ቁልፍ ይወጣል) አሉታዊ 0.387 አስገብተን ብንጫን 0.679 ይሰጠናል። ይህ የቀረው ነው። ከአንድ ሲቀነስ 0.321፤ በ12 ሲባዛ 3.85 ቮልት። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ በዚሁ መንገድ 6.46 ቮልት ይመጣል። የመጀመሪያው ደቂቃ 3.85 ቮልት ሲያስገኝ ሁለተኛው ያስገኘው 2.61 ብቻ ነው። መዘግየቱ በቁጥር የሚታየው እንዲህ ነው።

የእኛ ጥያቄ ግን የተገላቢጦሽ ነበር፤ ቮልቱን እናውቃለን፣ ሰከንዱን እንፈልጋለን። ቀመሩን ስናዞረው እንዲህ ይሆናል፦

t = RC × ln(Vs / (Vs − V))

12 ለ4 ሲካፈል 3 ነው፤ 4 ያልነው ወደ 12 ለመድረስ የቀረውን ነው። ln የሚለው ቁልፍ ለ3 የሚሰጠው 1.0986 ነው። በ155.1 ሲባዛ 170 ሰከንድ። ሪሌዩ የሚዘጋው መብራት ከመጣ ከ2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በኋላ ይሆናል።

ካልኩሌተር በሌለበት አንድ ቀላል መንገድ አለ። የቀረው በግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ሁልጊዜ የጊዜ ቋሚው 0.69 እጥፍ ነው፤ በእኛ ሣጥን 107 ሰከንድ። ስለዚህ በ107ኛው ሰከንድ 6 ቮልት ይቀራል፣ በ214ኛው 3 ቮልት ይቀራል፣ በ321ኛው 1.5። እኛ 4 ቮልት የሚቀርበትን ነው የምንፈልገው፤ ያ ደግሞ ከ107ና ከ214 መካከል፣ ወደ ኋለኛው ዘንበል ብሎ ነው። የጥገና ሰው ካፓሲተር ለመምረጥ ከዚህ በላይ ጥንቃቄ አያስፈልገውም።

እስካሁን 8 ቮልት ያልኩት ዝም ብሎ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። የ12 ሁለት ሦስተኛ ነው። በአገራችን ጥገና ቤቶች የማይታጣው 555 የሚባለው ቺፕ ካፓሲተሩን የሚያነጻጽረው በትክክል ከዚህ ክፍልፋይ ጋር ነው። ቺፑን ሃንስ ካመንዚንድ የተባለ በስዊዘርላንድ የተወለደ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 ለሲግኔቲክስ ኩባንያ ነደፈው። በውስጡ ሦስት እኩል ሬዚስተሮች ተደርድረዋል፤ የምንጩን ቮልቴጅ ምንም ይሁን ምን ለሦስት እኩል ይከፍሉታል። ከቺፑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ጊዜው 1.1 ሲባዛ በR ሲባዛ በC ነው ይላል። ያቺ 1.1 የ3 ln፣ 1.0986፣ ናት፤ ከላይ እኛው ያገኘናት።

የዚህ ንድፍ ብልሃት የሚገባን ቮልቴጁ ሲዋዥቅ ነው። ምንጩ ከ12 ወደ 10 ቮልት ቢወርድ ካፓሲተሩ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ግን መድረስ ያለበት ቦታም ወደ 6.67 ቮልት ዝቅ ብሏል። ሁለቱ ስለሚጣጣሙ ጊዜው ያው 170 ሰከንድ ነው። የምንለካው ቮልት ሳይሆን የተሞላውን ክፍልፋይ ስለሆነ ነው። ይህን ሳያስተውል ሣጥን የሠራ ሰው ግን ኮምፓራተሩን ከማይለወጥ 8 ቮልት ጋር ያነጻጽረዋል፤ በእሱ ዓይን ቋሚ ቁጥር ይበልጥ አስተማማኝ ይመስላል። የምሽት መብራት ደክሞ ምንጩ 10 ቮልት ሲሆን የቀረው 2 ብቻ ነው፤ 10 ለ2 ሲካፈል 5፣ የ5 ln 1.61፣ ጊዜው 250 ሰከንድ። 8.5 ቮልት ላይ ሰባት ደቂቃ ያልፋል። 8 ቮልት ላይ ከወረደ ሣጥኗ ፍሪጁን እስከነአካቴው አታስነሳም። ባለቤቱም ሣጥኗ ተበላሸች ብሎ ይዟት ይመጣል፤ ጥገናው ቤት በደህና ቮልቴጅ ሲሞከር ደግሞ ምንም አልሆነችም።

ከዚህ የባሰ፣ እኔ እንደማየው ደግሞ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ቀመሩ ሁሉ የተመሠረተው ካፓሲተሩ ከባዶ ይነሳል በሚል ግምት ላይ ነው። መብራት ግን ሁልጊዜ ሄዶ አይቀርም። ሄዶ በግማሽ ደቂቃ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። ፍሪጁ ጥበቃ የሚፈልገውም ያኔ ነው፤ መብራቱ ግማሽ ቀን ጠፍቶ ቢመጣማ ግፊቱ በራሱ እኩል ሆኗልና ሣጥኗ ባታስጠብቅም ጉዳት የለውም።

እንግዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሞልቶ 12 ቮልት ላይ ያደረው ካፓሲተር መብራት ሲሄድ በየት በኩል ይፈሳል? ሌላ መንገድ ካልተሠራለት በዚያው በ330 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ኋላ ነው የሚፈሰው። ሲፈስም የጊዜ ቋሚው ያው 155 ሰከንድ ነው። ከ30 ሰከንድ በኋላ 30ን ለ155.1፣ 0.193፤ የቀረው 0.824፤ በ12 ሲባዛ 9.9 ቮልት። መብራት በዚያች ቅጽበት ቢመለስ ካፓሲተሩ ከ8 ቮልት በላይ ነው፤ ኮምፓራተሩ ወዲያውኑ ሪሌዩን ይዘጋል። ሣጥኗ ፍሪጁን መጠበቅ ባለባት በዚያች ሰዓት ምንም አልጠበቀችም። ባለቤቱ ይህን አይጠረጥርም፤ ሲገዛት ሰክቶ ሞክሯታል፣ ሦስት ደቂቃ አስጠብቃዋለች።

ከባዶ ባልተነሳ ካፓሲተር ላይ ቀመሩ ትንሽ ይሰፋል። መነሻውን V0 ብንለው፦

V = Vs − (Vs − V0) × e^(−t/RC)

መብራቱ ቆየት ብሎ ተመልሶ ካፓሲተሩ 5 ቮልት ላይ ቢደርስ የሚቀረው ከ12 ሳይሆን ከ7 ወደ 4 ነው የሚወርደው። 7 ለ4 ሲካፈል 1.75፣ ln ሲወሰድ 0.56፣ በ155.1 ሲባዛ 87 ሰከንድ። 170 ሰከንድ ይጠበቅ የነበረው በግማሽ ሆነ።

መድኃኒቱ የአንድ ዳዮድ ዋጋ ነው። ዳዮዱን ከሬዚስተሩ ጎን ለጎን፣ አሉታዊ ጫፉ ወደ ምንጩ ዞሮ፣ ማሰር ነው። ካፓሲተሩ ሲሞላ ዳዮዱ የለም ያህል ነው። መብራት ሲሄድና የምንጩ ቮልቴጅ ሲወድቅ ግን በሩ ይከፈትና ካፓሲተሩ ሬዚስተሩን ሳይነካ በአፍታ ይፈሳል። ዳዮድ 0.6 ቮልት ገደማ ሲቀር ማስተላለፉን ስለሚተው ትንሽ ይተርፋል፤ ከ0.6 ተነስቶ 8 ለመድረስ 162 ሰከንድ ነው። ስምንት ሰከንድ ማጣት ምንም አይደለም። የሣጥኗን ክዳን የከፈተ ሰው መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ይህችን ዳዮድ ነው። ነገር ግን ከመክፈቱ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ርካሽ ሣጥኖች ትራንስፎርመር የላቸውም፤ 12 ቮልቱን የሚያገኙት ከ220ው በቀጥታ በሌላ ካፓሲተር አማካይነት ነው። ስለዚህ 12 ቮልት የተባለው ሽቦም ከዋናው መስመር አልተለየም፤ በእጅ ቢነካ ይገድላል። ተሰክቶ ሳለ ሊለካ አይገባም።

የጊዜ ቋሚውን በመለካት ማረጋገጥ የፈለገ በሌላ ጠረጴዛ ላይ፣ በባትሪ ወይም በደህና ትራንስፎርመር፣ ሁለቱን ዕቃ ብቻ አገናኝቶ ይሞክር። ካፓሲተሩን አፍስሶ፣ ሰዓት ይዞ፣ ቴስተሩ 7.58 ቮልት እስኪያሳይ መጠበቅ ነው፤ ያ ሰከንድ τ ነው። እዚህ ላይ የቴስተሩ ዓይነት ወሳኝ ነው። ዲጂታሉ ብዙውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም የውስጥ ተቃውሞ ስላለው ከካፓሲተሩ የሚሰርቀው ትንሽ ነው፤ የመጨረሻው ቮልት ከ12 ወደ 11.6 ይወርዳል። ባለቀስቱ ቴስተር ግን በእያንዳንዱ ቮልት 20 ኪሎ ኦም የሚል ከሆነ በ10 ቮልት ረድፍ 200 ኪሎ ኦም ነው። ከ330ው ጋር ሲካፈል ካፓሲተሩ ከ4.5 ቮልት በላይ አይወጣም። ካፓሲተሩ ደህና ነው፤ እንዳይሞላ ያደረገው የለካው ሰው ነው።

ቴስተሩ የሠራውን ይህን ሥራ ካፓሲተሩ ራሱ በራሱ ላይ ሊሠራ ይችላል። 470 ማይክሮፋራድ የሚያህለው ሲሊንደር ቅርጽ ያለው ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ፍጹም ዝግ አይደለም፤ ቻርጁ በውስጡ ቀስ እያለ ያፈሳል። አምራቾች የሚፈቅዱት መጠን በብዙ መመሪያ ላይ 0.01 ሲባዛ በማይክሮፋራዱ ሲባዛ በተጻፈበት ቮልት ነው፣ ውጤቱም በማይክሮአምፔር። 25 ቮልት የሚል 470 ማይክሮፋራድ እስከ 117 ማይክሮአምፔር ቢያፈስ አምራቹ ደህና ነው ይላል። የእኛ ሬዚስተር ደግሞ ገና ሲጀምር የሚያስገባው 36 ማይክሮአምፔር ነው! በወረቀቱ መሠረት ይህ ሰርኪት እንዲሠራ ምንም ዋስትና የለውም።

አዲስና ደህና ካፓሲተር ከተፈቀደው እጅግ ያነሰ ስለሚያፈስ ሣጥኗ ትሠራለች። እንበልና 5 ማይክሮአምፔር ብቻ ያፈስሳል። (በእውነቱ ፍሳሹ ከቮልቴጁ ጋር ከፍ ይላል፤ ለስሌት እንዲቀል ቋሚ እናድርገው።) ኮረንቲው 5 ማይክሮአምፔር ላይ ሲደርስ የገባው ሁሉ ስለሚፈስ ሙሌቱ እዚያ ላይ ይቆማል። 5 ማይክሮአምፔር በ330 ኪሎ ኦም 1.65 ቮልት ነው፤ ስለዚህ መድረሻው 12 መሆኑ ቀርቶ 10.35 ነው። 8 ላይ ሲደርስ የሚቀረው 2.35፤ 10.35 ለ2.35፣ 4.4፣ ln ሲወሰድ 1.48፣ ጊዜው 230 ሰከንድ። 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንዱ 3 ደቂቃ ከ50 ሆነ። ፍሳሹ ከ12 ማይክሮአምፔር ጥቂት ካለፈ ደግሞ 8 ቮልት ፈጽሞ አይደረስም፤ ሣጥኗ ቢጫ መብራቷን አብርታ እስከ ነገ ትጠብቃለች። ለዓመታት መደርደሪያ ላይ የተኛ ወይም በሙቀት ያረጀ ካፓሲተር ይህን ያህል ማፍሰሱ ብርቅ አይደለም። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ ጊዜዋ ከወር ወር እየረዘመ የሄደች ሣጥን ፍሳሽ አለባት። ጊዜዋ እያጠረ የሄደች ከሆነ ደግሞ ካፓሲተሩ ደርቆ ማይክሮፋራዱን እያጣ ነው።

ታዲያ ካፓሲተሩን አሳድጎ ሬዚስተሩን ቢያሳንሱትስ? ሙከራው የተለመደ ነው፣ በወረቀት ላይ ግን የትም አያደርስም። የተፈቀደው ፍሳሽ ከማይክሮፋራዱ ጋር አብሮ ያድጋል። 1000 ማይክሮፋራድ አድርገን ሬዚስተሩን በግማሽ ብናወርድ የሚገባው ኮረንቲ በእጥፍ ይጨምራል፣ ፍሳሹም በእጥፍ። ጉዳቱን የሚወስነው ራሱ የጊዜ ቋሚው ርዝመት ነው። በኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር አንድ ሰከንድ፣ አስር ሰከንድ መስፈር ቀላል ነው፤ ደቂቃዎች ውስጥ ሲገባ ግን መሬቱ ይከዳል።

ስለዚህ ሠሪዎች ረጅሙን ጊዜ በአንድ ሙሌት መስፈር ትተው አጭሩን ጊዜ ብዙ ጊዜ መቁጠር ጀመሩ። 4060 የሚባል ቺፕ አለ፤ በውስጡ በሬዚስተርና በካፓሲተር የሚመታ ማወዛወዣና አሥራ አራት ደረጃ ያለው ቆጣሪ ይዟል። አንዱ ምት የሚፈጀው ጊዜ 2.2 ሲባዛ በRC ገደማ ነው። 100 ኪሎ ኦምና 0.1 ማይክሮፋራድ ብንሰጠው RC 10 ሚሊሰከንድ ነው፤ ምቱ 22 ሚሊሰከንድ። የመጨረሻው ደረጃ ከፍ የሚለው 8192 ምት ሲቆጠር ነው። 8192 ሲባዛ በ0.022 ሰከንድ 180 ሰከንድ፤ ልክ ሦስት ደቂቃ። 0.1 ማይክሮፋራድ ደግሞ በፕላስቲክ ፊልም በተሠራ ካፓሲተር ይገኛል፤ ፍሳሹ ከቁጥር የማይገባ ነው። ካፓሲተሩ ከተጻፈበት 10 በመቶ ቢያንስ ወይም ቢበልጥ ጊዜው ከ162 እስከ 198 ሰከንድ ይሆናል፤ ለኮምፕረሰር ሁለቱም ደህና ናቸው።

ቆጣሪው ግን መብራት በመጣ ቁጥር ከዜሮ እንዲጀምር በአንድ እግሩ አጭር ምልክት ይፈልጋል። ያንን ምልክት የሚሰጠውም ከ12 ቮልቱ ወደዚያች እግር የታሰረ 0.1 ማይክሮፋራድና ከእግሯ ወደ አሉታዊው የታሰረ 100 ኪሎ ኦም ነው። መብራት እንደመጣ እግሯ ወደ 12 ቮልት ትዘላለች፤ ከዚያ በ10 ሚሊሰከንድ የጊዜ ቋሚ እየወረደች በ7ኛው ሚሊሰከንድ ግማሽ ላይ ትደርሳለች፣ ቆጠራውም ይጀመራል። የምንጩ 12 ቮልት መብራት ሲመጣ ቀስ ብሎ የሚነሳ ከሆነ ግን፣ ትልቅ ማጣሪያ ካፓሲተር ባለበት እንደሚሆነው፣ ይህች ጥንድ ከምንጩ ጋር እኩል ስለምትፈስ ምልክቱ ሳይደርስ ይቀራል። ያን ጊዜ RCው ከምንጩ መነሻ ጊዜ ብዙ እጥፍ እንዲሆን ካፓሲተሩን ወደ 1 ማይክሮፋራድ፣ ሬዚስተሩን ወደ 470 ኪሎ ኦም ማሳደግ ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ያህል የጊዜ ቋሚ ይሆናል።